ከፈን የሌለበት ዘፈን



የዛሬው ወጌ ስለ ጆሮ ነው። ዜማውን ሳያዛንፍ ይዞ ግጥሙን ስለሚያበላሸው ጆሮ። ስሙንም ዘፋኙንም የማናውቀው፣ ግን ዕቃ ስናጥብ ከአፋችን የማይጠፋ ዘፈን ብዙዎቻችን አለን። ከግጥሙ የቀረን ሁለት ቃል ቢሆን ነው፤ እሱም የተበላሸ። ስልካችን ላይ ስንጽፈው ወይ ምንም አይመጣም፣ ወይ የማናውቀው ነገር ይመጣል። ሻዛም የሚባለውን መተግበሪያ እንዳትጠሩልኝ። ሻዛም የሚለየው የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ነው፤ ዘፈኑ እየተጫወተ ስልኩን ካላስጠጋችሁለት አይረዳችሁም። የእኛ ችግር ደግሞ ዘፈኑ ጭንቅላታችን ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አለመኖሩ ነው።

እኔ ግን የተበላሸው ቃል ራሱ መንገድ ያሳያል ባይ ነኝ። ጆሮ ሲሳሳት እንደ ዕጣ አይሳሳትም። የማያውቀውን ድምፅ ወደሚያውቀው ድምፅ፣ የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው ቃል ይለውጣል። ለውጡ መላ ስላለው ወደ ኋላ ሊመለሱበት ይቻላል። ይህን የምለው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የነገረችኝን ዘፈን ስንፈልግ ያየሁትን ይዤ ነው።

ልጅቷ ወጣት ናት። ሕፃን ሳለች አክስቷ ቤት ካሴት ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከፈታል፤ አክስትየው እየተወዛወዘች ቡና ታቀርባለች። ካሴቱ ጠፋ፣ አክስትየውም አረፈች። የቀራት አንድ መስመር ነው።

«ጋሼ፣ ትግርኛ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «‹እዛ ያኩም፣ ከፈን አኩም› ይላል። ስለ ቀብር ነው። ‹እዛ› አለ፣ ‹ከፈን› አለ።»

«ዜማውን በይው እስቲ» አልኳት።

አለችው። አድማጮቼ፣ ከዚያ ዜማ ጋር ቀብር አይሄድም። የሚያስጨፍር ነገር ነው። የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከዚህ ነው፤ ከቃሉ የተረዳነው ትርጉምና ዜማው የሚጠራው ስሜት ሲጣሉ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ነው። ዜማ ከቃል ይልቅ ተጠብቆ ይቆያል። ከፈን ለብሶ የሚጨፍር ስለሌለ፣ ከፈኑ ዘፈኑ ውስጥ ያለ ሳይሆን ልጅቷ የሰማችውን ለመረዳት ራሷ ያስገባችው መሆን አለበት።

ስለዚህ ትርጉሙን ጥለን ድምፁን ብቻ ወረቀት ላይ አወረድነው። እ፣ ዛ፣ ያ፣ ኩ፣ ም። ከ፣ ፈ፣ ና፣ ኩ፣ ም። ለዚህ ሥራ የእኛ ፊደል የሚመች ነው፤ ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ይይዛል፤ ቃል ሳይሠሩ ድምፅ መጻፍ ይቻልበታል። ቃል ለመሥራት መቸኮል ነው ሰውን የሚያሳስተው። «እዛ» ብላችሁ አንዴ ከቆረጣችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነገር አያይም።

ቀጥሎ ከጻፍነው ውስጥ የትኛው የታመነ፣ የትኛው የሚጠረጠር እንደሆነ ለየን። ሲዘፈን አናባቢ ይለጠጣል፤ ዘፋኝ «ኧ»ውን ወደ «አ»፣ «እ»ውን ወደ «ኢ» ይስበዋል። ተነባቢ ግን ይበልጥ ይጸናል። ከሁሉም የሚጸናው ደግሞ ቤት የሚመታው ጫፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚደገም ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማልና። እዚህ «ኩም» ሁለቴ መጥቷል። «ኩም»ን አመንን። ቀሪው ዘ፣ የ፣ ከ፣ ፈ፣ ነ ነው፤ አናባቢያቸውን በጥርጣሬ ያዝነው።

እሷን ወደ ትግርኛ የወሰዳትም ይኸው «ኩም» ነው፤ አልፈረድኩባትም። ትግርኛ ብዙ ሰዎችን ሲያናግር በ«ኩም» ይጨርሳል። ግን ብቻውን አይደለም። በግዕዙ «ክሙ» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሁሉ ያውቀዋል። ዐረብኛም «ኩም» ይላል። አንድ ቤተሰብ የሆኑ ቋንቋዎች ጫፋቸው ይመሳሰላል፤ ጫፍ ብቻ ይዞ ቋንቋ መወሰን ስለዚህ አደገኛ ነው። ልጅቷ የትግርኛ ዘፈኖችን አንድ በአንድ ስታዳምጥ ከርማለች፤ በሌላ ሰፈር ነበር የምትፈልገው።

ቋንቋውን የፈታልን መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። ጎረቤቷ ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ናት። ወረቀቱን ሳናሳያት በቃል አልንላት፤ ይህም አስፈላጊ ነው፤ የተጻፈ ነገር ያየ ሰው የጻፊውን ስህተት አብሮ ይወርሳል። ሴትየዋ ሳቀች።

«ከፈን ምናምን አይደለም እኮ! ‹ኬፍ› ነው። እንዴት ናችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግን የሳዑዲ ሰዎች የሚሉት አይደለም፤ እሱን ግብፆችና ሱዳኖች ናቸው የሚሉት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የፍለጋው ዋና መገጣጠሚያ ይኸ ነውና። «ኢዘያኩም» የግብፅም የሱዳንም ሰላምታ ነው፤ የሳዑዲ ሰው ለዕለት ሰላምታ አይጠቀምበትም። ስለዚህ አንዱ ቃል ዐረብኛውን ወደ ሁለት አገር አጠበበው። ሁለተኛው ቃል ይበልጥ አጠበበ። «ኬፍ» ብሎ ቀጥሎ «ነ» ጨምሮ «ኬፊነኩም» ማለት የሱዳን አነጋገር ነው። ልጅቷ «ከፈን» ያለችው በዚህች «ነ» የተነሳ ነው። «ነ» ባትኖር ኖሮ አማርኛ ጆሮዋ ከፈን የሚል ቃል አያገኝም ነበር። አያችሁ፣ አገሩን የነገረችን ያሳሳተቻት ፊደል ናት።

ዜማውም ይመሰክራል። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሠራ ነው። ለዚህም ነው የሐበሻ ጆሮ ቃሉን ሳይሰማ ዜማውን ቤቱ የሚያስገባው፤ ልጅቷም የአገር ቤት ዘፈን የመሰላት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መፈለጊያው። በላቲን ፊደል ጀመርን፤ ስልኳ ላይ ያለው እሱ ነበረና። ችግሩ ወዲያው መጣ። የመጀመሪያው ፊደል በ i ይጻፍ፣ በ e ወይስ በ a? «ዘ» ትጠብቃለች፤ አንዱ አንድ z ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት። «ይ»ዋን አንዱ በ y፣ ሌላው በ i። «ኬፍ»ን አንዱ kayf፣ አንዱ keif፣ አንዱ kef ይላል። በሁለት ቃል ላይ ይህ ሁሉ ምርጫ ሲባዛ በአሥር የሚቆጠር አጻጻፍ ይወጣል። ለናሙና ያህል ሦስቱን፦

```
izayakum kayfinkum
ezzayakum keifinakum
azaykum kefenkum
```

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት ሁለቱን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ነው። በጉግል ላይ ትእምርተ ጥቅስ ማለት «ልክ እንደጻፍኩት አምጣልኝ» ነው፤ ፊደላችሁን በማታምኑበት ጊዜ ራሳችሁን ትዘጋላችሁ። ኮከብ ምልክቷም በጥቅሱ ውስጥ የምትተካው ሙሉ ቃልን ነው እንጂ በቃል መሐል የጎደለ ፊደል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ጥቅስ፣ በአንድ ቃል ብቻ፣ ከጎኑ ደግሞ Sudan የሚል ጨምሮ መሞከር ይሻላል። ጥቅስ የሚጠቅመው በመጨረሻ፣ ቃሉ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ትርፉን ለማራገፍ ነው።

በመጀመሪያው ቃል ብቻ ስንፈልግ የግብፅ ዘፈን ጎረፈ። ከነሱም አንዱ የሙሐመድ ሙኒር «ኢዛይ» ነበር። ይህ ለአንድ አፍታ አታሎን ነበር ማለት ይቻላል፤ ሙኒር ኑቢያዊ ነው፣ ዜማዎቹ ወደ እኛ ጆሮ ይቀርባሉ። ግን ያ ዘፈን እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የግብፅ አብዮት ጋር ተያይዞ የታወቀ ነው፤ የአክስትየው ካሴት ደግሞ ከዚያ በፊት ያረጀ ነበር። ዘመን የማይገጥመውን ዘፈን ቃሉ ቢመስልም መጣል ነው። «መቼ ሰማሁት?» የሚለውን ጥያቄ ሰዎች ቸል ይሉታል፤ ፍለጋውን በግማሽ የሚያቀልለው ግን እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ዐረብኛው ፊደል ገባን። ስልክ ላይ የዐረብኛ መጻፊያ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፊደሉን የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ጎረቤት ይዞ ይሠራዋል። ጎረቤትየው ፊደሎቹን ስትጠራ ልጅቷ ነካች። አሊፍ፣ ዛይ፣ ያ፣ ካፍ፣ ሚም። ከዚያ ካፍ፣ ያ፣ ፋ፣ ኑን፣ ካፍ፣ ሚም።

```
ازيكم كيفنكم
```

አድማጮቼ፣ ያ በላቲን ሲፈጀን የነበረው ሁሉ ጭቅጭቅ እዚህ የለም። ዐረብኛ በተለመደው አጻጻፍ አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም፤ የጠበቀ ፊደልንም አይደግምም። i ነው፣ e ነው፣ አንድ z ነው፣ ሁለት ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ስንጠረጥራቸው የነበሩት ነገሮች አይጻፉም፤ ስናምናቸው የነበሩት ተነባቢዎች ይጻፋሉ። የቀረን ልዩነት አንድ ነው፦ አሊፏ ከሥሯ ሐምዛ ይኑራት አይኑራት። ብዙው ሰው ሳያስገባ ነው የሚጽፋት።

ዘፈኑ ወጣ። «ኢዘያኩም ኬፊነኩም»፤ ዘፋኙ ሱዳናዊው ሰይድ ኸሊፋ። የእኛ አባቶችና እናቶች በደንብ የሚያውቁት፣ እንደ ሙሐመድ ወርዲ ሁሉ እዚህ አገር እንደ አገር ልጅ የተወደደ ዘፋኝ ነው። ቀብር ብላ ይዛው የኖረችው ዘፈን፣ «እንደምን ናችሁ፣ እንዴት ናችሁ» እያለ እንግዳ የሚቀበል ዘፈን ሆነ። አክስትየው ካሴቱን እንግዳ ሲመጣ የምትከፍተው ለምን እንደነበር ያኔ ነው የገባን።

ማግኘት ግን ማረጋገጥ አይደለም። የታወቀ ዘፈን ብዙ ሰው ይዘፍነዋል፤ ርዕሱ አንድ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። የጫነውም ሰው የዘፋኙን ስም ያምታታል። እኛ ያደረግነው በርዕሱ የመጡትን የተለያዩ ሰዎች የጫኗቸውን ቅጂዎች ከፍቶ አዝማቹ እስኪመጣ መስማት ነው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ርዕስና ስም ሳታይ። ማየት ጆሮን ያሳምናል፤ የተጻፈውን ካየን በኋላ የተጻፈውን ነው የምንሰማው። አንዱን «ይኼ አይደለም፣ ይፈጥናል» ብላ አለፈችው፤ ሌላው ላይ ከአዝማቹ ቀድማ ገባችበት። ከመሣሪያው ቀድሞ የሚመጣውን የሚያውቅ ጆሮ፣ ከዚያ በላይ ምስክር የለም።

የዘፋኙ ስምም የራሱ ጣጣ እንዳለው ሳልናገር አልለፍ። በላቲን Sayed አለ፣ Sayid አለ፣ Said አለ፤ Khalifa አለ፣ Kalifa አለ። Khalifa ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ አሜሪካዊው ራፐርና የዱባዩ ሕንፃ ይመጡላችኋል። የሚፈለገውን ለማግኘት ስሙን ከአንድ የዘፈን ርዕስ ጋር አጣምሮ መጻፍ ነው።

«የዐረቡን ተወውና የእኛንስ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ በእኛ ፊደል ነገሩ ይገለበጣል። እኛ አናባቢውን እንጽፋለን፤ ችግራችን ያለው አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል መጻፉ ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ ቀጥሎ በሃሌታው ሀ ወይም በሐመሩ ሐ ጻፉት፤ አራት ዓይነት ይወጣል፤ አራቱንም ሰው ይጽፋቸዋል። እነዚህን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያይ ያልተሠራ መፈለጊያ አራቱን እንደ አራት ቃል ነው የሚያያቸው። የዘፈን ርዕስ ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ ወይም ጸ ካለ አንዴ ፈልጎ «የለም» ማለት አይገባም፤ ሞክሼውን ለውጦ መድገም ነው።

ሁለተኛው የእኛ ነገር ሲዘፈን ቃል መዋጡ ነው። «በአ» ወደ «ባ»፣ «የአ» ወደ «ያ»፣ «ከአ» ወደ «ካ» ይሆናል። በአሮጌ ካሴት ላይ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ስለሚደበዝዝ ስ፣ ሽ እና ፍ ይቀያየራሉ፤ እነዚህ ፊደላት የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ነውና። አንድ ሐረግ ልፍጠርላችሁ፤ ከየትም ዘፈን አልወሰድኩትም። ጆሯችሁ «ባዳ ራሱ» ብሎ ያዘ እንበል። ባዳ ምን ይሠራል እዚህ? ዜማው የሠርግ ነው። እንግዲህ «ስ»ን በ«ሽ» ቀይሩት፤ «ባዳ ራሹ»። ትርጉም የለውም፤ ግድ የለም። አጋጥሙት፤ «ባዳራሹ»። የተዋጠውን አውጡት፤ «በአዳራሹ»። ሠርጉም አዳራሹም ተገናኙ። ስትፈልጉት ግን «ባዳራሹ»ንም «በአዳራሹ»ንም ሞክሩ፤ አንዱ ሰው እንደሰማው፣ ሌላው እንደ ሰዋስው ይጽፈዋልና።

በነገራችን ላይ ቃል ገጥሞና ለይቶ ሁለት ትርጉም ማውጣት ለእኛ ገጣሚ ጥፋት ሳይሆን ሙያ ነው። ሰምና ወርቅ ባለበት ግጥም እናንተ ወርቁን ሰምታችሁ፣ ግጥሙን የጻፈው ሰው ደግሞ ሰሙን አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምትገናኙት ግን ሁለቱንም አቆራረጥ ስትሞክሩ ነው።

ሦስተኛው የላቲኑ ጣጣ ነው፤ ብዙው የእኛ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠው በላቲን ርዕስ ነውና። ጠ እና ተ ሁለቱም t ይሆናሉ። ቀ አንዳንዴ q፣ አንዳንዴ k ነው። ኝ አንዱ ጋ gn፣ ሌላው ጋ ny፣ ሌላው ጋ ተራ n ነው። «ናፍቆኛል» የሚል ርዕስ nafkognal፣ nafqognal፣ nafkonyal ተብሎ ይገኛል። የጫነው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነም አስቡ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የድሮ ዘፈኖቻችን ስብስብ ከፈረንሳይ ስለወጣ፣ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» Yèkèrmo Sèw፣ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» Erè Mèla Mèla ብሎ ነው የጻፈው። በ u የሚጻፈውን ድምፅ ፈረንሳዮች በ ou ይጽፉታል፤ ጥላሁንም በዚያው ስብስብ Tlahoun ሆኗል። በእንግሊዝኛ ልማድ ፈልጎ ያጣ ሰው በፈረንሳይኛ ልማድ ይሞክር።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታም አለ። የያዛችሁት ቃል «ትዝታ» ብቻ ከሆነ ቃሉን በትክክል ሰምታችሁ እንኳ አይረዳችሁም፤ ትዝታ የቅኝትም የዘፈንም ስም ነው፣ ያልዘፈነው ዘፋኝ ጥቂት ነው። «ሆዴ»፣ «ዓይኔ»፣ «ናፍቆት» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ከሁለት ቃል መካከል የምትመርጡ ከሆነ በዘፈን ውስጥ ብዙ የማይሰማውን ምረጡ፤ አንድ የወንዝ ስም፣ አንድ የጨርቅ ዓይነት፣ አንድ የሰፈር ስም ከአሥር «ፍቅሬ» ይበልጣል። አንዳንዱ ዘፈን ደግሞ ጨርሶ አልተጫነም፤ የቀረው አንድ ሰው ቤት ባለ ካሴት ላይ ብቻ ይሆናል። ቃሉን በሁሉም አጻጻፍ ሞክራችሁ፣ የሚመስል ዘፈን እንኳ ካልመጣ፣ ከስልኩ ይልቅ የድሮ ካሴት የሚሸጥበትን ሱቅ መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ፤ የምለምነው ፈላጊዎቹን ሳይሆን ዘፈን የምትጭኑትን ነው። ዩቲዩብ ላይ የአባቶቻችሁን ካሴት እየገለበጣችሁ ለምታኖሩልን ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ግን ርዕሱን በአንድ ፊደል ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት። ከቪዲዮው ሥር ባለው መግለጫ ላይ በእኛ ፊደል፣ በላቲን በሁለት ሦስት አጻጻፍ፣ ዘፈኑ የዐረብኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ከሆነም በራሱ ፊደል አስቀምጡት። የአዝማቹን የመጀመሪያ ሦስት ቃላትም ጨምሩበት፤ ሰው ርዕሱን ረስቶ አዝማቹን ነው የሚያስታውሰው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባልደረባዬ የአክስቷን ዘፈን ያገኘችው አንድ የማናውቀው ሱዳናዊ ርዕሱን በራሱ ፊደል በትክክል ጽፎ ስላስቀመጠው ነው።